ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ሮቨሩን እንቅልፍ ያስተምሩት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ የድንች ማሳ ላይ በካሜራ የቅጠል በሽታ የሚፈልግ 20 ኪሎ የሚመዝን ባለ ጎማ ሮቦት፣ ሮቨር፣ ሠርቻለሁ። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ኮምፒውተር፣ ባለ 12 ቮልት 20 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፣ 60 ዋት ሶላር ፓነል፣ ፒደብልዩኤም የቻርጅ መቆጣጠሪያ እና ከዚሁ ባትሪ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የ4ጂ ራውተር አለው። በሽታውን ከፎቶ የሚለየው ሞዴል ለአሥር ሰዓት ያህል የካሜራውን ምስል ያለማቋረጥ ይመረምራል፤ ሮቨሩ በቀን 600 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በመጋቢት ያለ ችግር ሠራ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ባለ 40 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ብገዛ ይፈታል?

ምላሽ፦ አይፈታም። ባለ 40ውን ቢገዙ ሮቨሩ በሦስተኛው ቀን ፈንታ በአምስተኛው ቀን ማለዳ ይጠፋል። ጎተራ ማስፋት እህል አያበዛም፤ የእርስዎ ችግር ደግሞ ጎተራው ላይ ሳይሆን በየቀኑ በሚገባውና በሚወጣው መካከል ነው። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ያንኑ ስሕተት ስለሠራሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መራዊ አካባቢ ለማሳ የሠራሁት ሮቨር በክረምት እየጠፋ ሲያስቸግረኝ ሁለተኛ ባትሪ ገዝቼ ጨመርኩበት። ሮቨሩ አራት ኪሎ ከበደ፣ ጭቃው ውስጥ ይበልጥ ሰመጠ፣ በሳምንቱም እንደ ገና ጠፋ። ወረቀት ይዤ የቀኑን ሒሳብ የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነበር። አሁን የእርስዎን እንሥራ።

መለኪያችን ዋት-ሰዓት ነው። አንድ ዋት የሚበላ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ዋት-ሰዓት ይበላል። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ሞዴሉ በአራቱም ኮሮች ላይ ሲሠራ 7.5 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በአሥር ሰዓት 75 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በቀሩት 14 ሰዓቶች ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ሲበራ፣ ካሜራው ተሰክቶ እያለ፣ 3.4 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም 48 ነው። ራውተሩ 2 ዋት ቢበላ በ24 ሰዓት 48 ይሆናል። እነዚህን የሚመግበው የ5 ቮልት መቀነሻ ራሱ አንድ አሥረኛውን በሙቀት ስለሚያባክን 171 የነበረው 190 ይሆናል። የሞተር መቆጣጠሪያው ሞተሮቹ ቆመውም 0.5 ዋት ይስባል፤ በቀን 12። የቻርጅ መቆጣጠሪያው የራሱ ፍጆታ 3። የክረምት ጉዞው 20 ያህል ነው፤ እንዴት እንዳገኘሁት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ድምሩ በቀን 225 ዋት-ሰዓት ነው። የራስዎን ዕቃዎች ለክተው በእነዚህ ቁጥሮች ምትክ ያስገቡ፤ ብዙ ይለያያል ብዬ ግን አልጠብቅም።

ወደ ገቢው እንሂድ። ባለ 60 ዋት ፓነል ያንን 60 ዋት የሚሰጠው በ18 ቮልት አካባቢ 3.3 አምፔር ሲያወጣ ነው። ፒደብልዩኤም መቆጣጠሪያ ግን ፓነሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለሚያገናኘው ፓነሉ በባትሪው ቮልት፣ በ13 ገደማ፣ ይሠራል። 3.3 በ13 ሲባዛ 43 ዋት ነው። የቀረው 17 ዋት ከመጀመሪያውም ወደ ባትሪው አልደረሰም። የቀኑን ብርሃን በሙሉ የቀትር ጥንካሬ ወዳላቸው ሰዓቶች ብንጨምቀው፣ በመጋቢት እዚያ አካባቢ ስድስት ያህል ሰዓት እናገኛለን። ለሐምሌና ለነሐሴ እኔ ለዕቅድ የምይዘው 3.5 ነው፤ ደመናው ሲጠና ለሚውልበት ቀን ደግሞ 1.5። ለአቧራ፣ ለሽቦና ለሙቀት 15 በመቶ ከቀነስን በመጋቢት 219 ዋት-ሰዓት፣ በሐምሌ 128፣ በጨለማው ቀን 55 ይገባል።

መጋቢት ለምን እንዳሳሳተዎት ከዚህ ይታያል። በደረቅ መሬት ጉዞው ግማሹን ብቻ ስለሚበላ ወጪው 215፣ ገቢው 219 ነበር። በአፍንጫ ጫፍ ላይ የቆመ ሚዛን ነው፤ ያኔም አንድ ደመናማ ሳምንት ቢመጣ ይወድቅ ነበር። በሐምሌ በየቀኑ 97 ዋት-ሰዓት ይጎድላል። የባትሪዎ ሙሉ አቅም 20 በ12.8፣ ማለትም 256 ነው፤ ከዚህ ውስጥ በደኅና የምንጠቀመው 80 በመቶውን፣ 205ን ነው። 205ን ለ97 ያካፍሉ፦ ሁለት ቀን ከትንሽ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጠፍቶ ያገኙታል። ሒሳቡ እርስዎ በዓይንዎ ካዩት ጋር መግጠሙ ከቁጥሮቹ በጣም የራቅን እንዳልሆንን ያሳያል።

ይህ ሁሉ ኃይል ለምን ሥራ ዋለ? አንድን የድንች ቅጠል ፎቶ ትንሹ ሞዴል በዚህ ኮምፒውተር ላይ ለመመርመር 0.4 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ7.5 ዋት ሦስት ጁል ነው። 600 ሜትሩን በየአምስት ሜትሩ ቆመው ፎቶ ቢያነሱ 120 ፎቶ ይሆናል፤ 360 ጁል። አንድ ዋት-ሰዓት 3600 ጁል ስለሆነ የቀኑ ምርመራ በሙሉ 0.1 ዋት-ሰዓት ነው። ከ225 ውስጥ ሮቨሩ የተሠራበት ዋና ሥራ የሚበላው ይህን ብቻ ነው። ከጉዞው በቀር ሌላው የቆመን ቅጠል በሰከንድ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ማየት፣ ሌሊቱን ነቅቶ ማደር፣ ማንም የማይጠቀምበትን ራውተር ማብራት ነው። ሌባ ወይም ዝንጀሮ የሚጠብቅ ካሜራ ቢሆን ያለማቋረጥ ማየቱ ምክንያት ይኖረው ነበር። የቅጠል በሽታ ግን በሰዓታትና በቀናት እንጂ በሰከንድ አይለወጥም፤ በቀን አንድ ጥሩ ዙር ይበቃዋል።

ስለዚህ መፍትሔው ማስተኛት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ራስፕቤሪ ፓይ 5ን በተለመደው መንገድ ሲዘጉት ማያው ይጨልማል እንጂ ሰሌዳው አይተኛም፤ ከ1 ዋት በላይ መሳቡን ይቀጥላል። በ22 ሰዓት ከ25 ዋት-ሰዓት በላይ በባዶ ይሄዳል። ይህን የሚያቆሙት በሰሌዳው የማስነሻ ቅንብር ውስጥ ያሉ ሁለት መስመሮች ናቸው። `sudo rpi-eeprom-config -e` ብለው ይክፈቱና እነዚህ ሁለት መስመሮች መኖራቸውን ያረጋግጡ፦

```
POWER_OFF_ON_HALT=1
WAKE_ON_GPIO=0
```

ከዚህ በኋላ ሲዘጋ የሚስበው ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። ይህ ሰሌዳ የራሱ ሰዓት ስላለው በቀጠሮ ራሱን ይቀሰቅሳል። የፕሮግራምዎ የመጨረሻ ሥራ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አስይዞ መተኛት ይሁን፦

```
T=$(date -d 'tomorrow 05:30' +%s)
echo 0  | sudo tee /sys/class/rtc/rtc0/wakealarm
echo $T | sudo tee /sys/class/rtc/rtc0/wakealarm
sudo halt
```

በ0 የሚጽፈው መስመር የድሮውን ቀጠሮ ይሰርዛል፤ እርሱ ከሌለ አዲሱ ቀጠሮ ላይመዘገብ ይችላል፣ ሮቨሩም ማሳው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሰዓቱ በሕይወት የሚቆየው የ5 ቮልቱ መስመር እስካለ ድረስ መሆኑን ያስታውሱ። ባትሪው አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ቀኑም ቀጠሮውም ይጠፋል። ለሰሌዳው ሰዓት የተዘጋጀችውን ትንሽ ባትሪ ይግጠሙለት፤ ያለ እርሷ የፎቶዎችዎ ቀን ተዘባርቆ የበሽታውን አካሄድ መከተል ያቅትዎታል።

በሁለት ፎቶዎች መካከል መዝጋት ግን አይጠቅምም። ተነሥቶ ሞዴሉን እስኪጭን 40 ሰከንድ በ5 ዋት ቢፈጅ 200 ጁል ነው፤ በዚያው ጉልበት ያለ ሥራ ነቅቶ አንድ ደቂቃ ይቆያል። ስለዚህ ከአንድ ደቂቃ በታች ለሚያስጠብቅ ነገር ነቅቶ ይጠብቅ፣ ዙሩ ሲያልቅ ይተኛ።

ራውተሩንና የሞተር መቆጣጠሪያውን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያበራቸውና እንዲያጠፋቸው በሞስፌት ማብሪያ በኩል ያሳልፏቸው። ማብሪያው በፕላሱ ሽቦ ላይ ይሁን። በማይነሱ ላይ ካስገቡትና ዕቃው በሌላ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተያያዘ ኤሌክትሪኩ በዚያ ገመድ በኩል መመለሻ ያገኛል፤ ጠፍቷል ያሉት ዕቃ በግማሽ ነፍስ ያድራል። ኮምፒውተሩ ሲተኛ የማዘዣ ፒኑ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ማብሪያውን ወደ መጥፋት የሚስብ ሬዚስተር ያድርጉበት። ይህ ሬዚስተር ሳይኖር ሮቨሩ ሌሊት ጎማውን ሲያንቀጠቅጥ አይቻለሁ።

ማስተኛትዎ መሥራቱን በዓይን ሳይሆን በመለኪያ ያረጋግጡ። መልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቀዳዳ በኩል በባትሪው ፕላስ ሽቦ ላይ በተከታታይ ያስገቡ፣ ፓነሉን ይንቀሉ፣ ሮቨሩን ያስተኙ። ከ30 ሚሊአምፔር በታች ማየት አለብዎ፤ አብዛኛው የ5 ቮልት መቀነሻውና የቻርጅ መቆጣጠሪያው ነው። 100 እና ከዚያ በላይ ካነበቡ ያልተኛ ዕቃ አለ፤ አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈልጉት። በሚሊአምፔር ቀዳዳ በኩል አይሞክሩ። የዚያ ቀዳዳ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ቮልቱን ስለሚያወርደው ኮምፒውተሩ ሲነሣ ይወድቃል፣ የመለኪያው ፊውዝም ሊቃጠል ይችላል። ከተነሣ በኋላ ደግሞ `vcgencmd get_throttled` ብለው ይጠይቁት። `throttled=0x0` ካለ ጤና ነው። `0x50000` ካለ ከተነሣ ወዲህ ቮልቱ ወርዶበት ያውቃል ማለት ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በመቀነሻውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ሽቦ ቀጭንና ረጅም መሆኑ ነው። መቀነሻውን ወደ ኮምፒውተሩ ያስጠጉት።

አሁን አዲሱን ቀን እንደምር። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ዙር በአማካይ 5.5 ዋት፣ 8 ዋት-ሰዓት ያህል። ራውተሩ ውጤት ለመላክ ሩብ ሰዓት፣ ከሁለት አጫጭር መነሣቶች ጋር፣ 1 የማይሞላ። ከመቀነሻው ብክነት ጋር 10 እንበለው። የመቀነሻው የእንቅልፍ ፍጆታ 6፣ የሞተር መቆጣጠሪያው 1፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያው 3፣ ጉዞው 20። ድምሩ 40 ነው። ጨለማው ቀን የሚያስገባው 55 ነበር። ያው ባለ 20 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎ ምንም ፀሐይ ሳይገባው አምስት ቀን ያቆመዋል።

እንግዲህ ትልቁ በላተኛ ጉዞው ሆነ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ ያልኩትም ለዚህ ነው። 20 ኪሎ ሮቨር ለስላሳ ግን ደረቅ በሆነ ማሳ ላይ ለመንከባለል ከክብደቱ 15 በመቶ ያህል ግፊት ይፈልጋል፤ 29 ኒውተን። የትንንሽ ሞተርና ጊር ቅልጥፍና 50 በመቶ ቢሆን በሜትር 59 ጁል፣ በ600 ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። በረጠበ ዋልካ ላይ እጥፍ ይሆናል ብዬ 20 ያዝኩ። ይህ ግን ጎማው እስከ ተንከባለለ ድረስ ነው። ዋልካ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ሮቨሩ ሲያዝ ሞተሮቹ እየገፉ ይቆማሉ። አራት ሞተሮች እያንዳንዳቸው 10 አምፔር ቢስቡ 480 ዋት ነው፤ አንድ ደቂቃ እንዲህ ቢቆዩ 8 ዋት-ሰዓት፣ የቀኑ በጀት አንድ አምስተኛ፣ ይነዳል። ሞተሩም በዚያው ሊቃጠል ይችላል። አምፔሩ ከተለመደው ጉዞ ሦስት እጥፍ አልፎ ሁለት ሰከንድ ከቆየ ሞተሮቹ እንዲቆሙ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እንዲሞከር፣ ካልሆነ መልእክት ተልኮ እንዲተኛ ያድርጉ። ሌሊት የዘነበው ጥቂት እንዲጠነፍፍና ጤዛው ከቅጠሉ ላይ እንዲነሣ ዙሩን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይቀድምዎታል።

ስለ ፓነሉ አቀማመጥ አንድ የተለመደ ምክር በእኛ አገር ክረምት እንደሚገለበጥ ልንገርዎ። ፓነል ወደ ደቡብ ያጋድላል ይባላል፤ ለበጋው እውነት ነው። በአቅራቢያዎ ያለችው ደብረ ማርቆስ ግን ከምድር ወገብ 10.3 ዲግሪ ብቻ ሰሜን ስለሆነች ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ወደ ደቡብ በ20 ዲግሪ ያጋደለ ፓነል በሐምሌ መጀመሪያ ቀትር ላይ ወደ 15 በመቶ ያጣል። በደመናማ ቀን ደግሞ ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ የሚጠቅመው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ማየት ነው። ፓነሉን ጠፍጣፋ ያድርጉት፤ ውኃ እንዲወርድበትና ጭቃውን እንዲያጥበው የምትበቃ ጥቂት ዘንበል ብቻ ይተዉለት። ሮቨርዎ የሚቆምበት መሬት ራሱ ፓነሉን እንደሚያጋድለው አይርሱ፤ ከዙር በኋላ የሚያርፍበትን ሜዳማ ቦታ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ የራቀ፣ አስቀድመው ይምረጡለት።

ጥላ ከአንግል የከፋ ጠላት ነው። በፓነልዎ ላይ 36 ያህል ሴሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል፤ የሰንሰለቱ አምፔር ከሁሉ ደካማው ሴል አያልፍም። የካሜራው ምሰሶ ጥላ አንዱን ሴል በግማሽ ቢጋርድ የመላው ፓነል ገቢ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ፀሐይ ወጣ ባለችበት ሰዓት የቻርጅ አምፔሩን እያዩ ምሰሶውን በእጅዎ ያዘንብሉ፤ ቁጥሩ ከዘለለ አገኙት። በክረምት ፀሐይዋ በሰሜን ስለሆነች ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሮቨሩ ሲያርፍ ምሰሶው ከፓነሉ በስተ ደቡብ እንዲሆን አድርጎ ይቁም። በበጋ ተቃራኒውን ያድርጉ።

የባትሪውን መጠን ከቮልቱ ለማንበብ ሲሞክሩ ይጠንቀቁ። ይህ የባትሪ ዓይነት ከሲሶ እስከ አራት አምስተኛ ባለው መካከል ቮልቱን ብዙም አይለውጥም። ከፓነሉ ቻርጅ እየተደረገ ሲነበብ ሞልቷል ይላል፤ ሞተር ሲስብ ባዶ ነው ይላል። የሚታመነው ሌሊቱን አርፎ ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳይነካው የሚነበበው ቮልት ነው፤ ከላይ ቀጠሮውን 05:30፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል፣ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ከ13.2 በላይ ካነበበ ለጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ አስይዞ ይተኛ፣ ያኔም ሙሉ ዙር ይሂድ። በ13.0 እና በ13.2 መካከል ከሆነ ግማሹን ማሳ ይይዝ። ከ13.0 በታች ከሆነ አይንቀሳቀስ፣ ቁጥሩን ልኮ ይተኛ። ከ12.8 በታች ከሆነ ራውተሩንም አያብራ። ውሳኔው ከማንኛውም ሌላ ሥራ በፊት ይወሰን። አለበለዚያ ባዶ ሊሆን የተቃረበ ባትሪ ላይ ተነሥቶ ካሜራና ሞዴል ሲጭን የባትሪው መከላከያ ይቆርጠዋል፤ ጠዋት ትንሽ ሲሞላ እንደ ገና ይነሣል፣ እንደ ገና ይቆረጣል፣ የማስታወሻ ካርዱም በዚህ መሀል ይበላሻል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ገንዘብ ቢተርፍዎ ለባትሪ ሳይሆን ለኤምፒፒቲ መቆጣጠሪያ ያውሉት። ፓነሉን በ18 ቮልቱ እያሠራ ያንን 43 ዋት ወደ 55 ያደርስልዎታል፤ ሮቨሩም አይከብድም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ፓነሉ በእርግጥ 60 ዋት መሆኑን ይፈትሹ፦ ጥርት ባለ ቀትር ከመቆጣጠሪያው ነቅለው ሁለቱን ሽቦዎች በመልቲሜትሩ 10 አምፔር በኩል ያገናኙ። በጀርባው ከተለጠፈው የአጭር ዙር አምፔር እጅግ ያነሰ ካሳየ የተሸጠልዎት ሌላ ነው። እኔ አንድ ጊዜ 100 ተብሎ የተለጠፈበት ገዝቼ 60 እንኳ የማይሞላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከመስከረም በኋላ ሰማዩ ሲጠራ የፀሐይ ጭንቀቱ ያበቃል፤ በጮቄ ግርጌ ግን ከኅዳር እስከ ጥር የውርጭ ሌሊቶች አሉ። ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ሊመለስ በማይችል ሁኔታ ይጎዳል፤ የማለዳ ፀሐይ ደግሞ ባትሪው ሳይሞቅ ፓነሉ ላይ ታርፋለች። የባትሪዎ መከላከያ በብርድ ቻርጅ የሚያቆም መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ። ካልሆነ ባትሪውን በስፖንጅ በተለበጠ ሳጥን ውስጥ ያድርጉትና ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ እስኪያልፍ የፓነሉን መስመር የሚዘጋ ባለ ሙቀት መለኪያ ማብሪያ ያስገቡበት።